ሦስት እግሮች፣ አራት ጥያቄዎች፦ ሕክምናን እምቢ ያለ ሕሙም የውሳኔ ብቃት ምዘና ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ሁለት አረጋውያን ሴቶች በተመሳሳይ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አንዷ በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ፣ ሌላዋ በማሳቹሴትስ። ሁለቱም እግራቸው በጋንግሪን ተይዟል፤ ለሁለቱም ሐኪሞቻቸው ካልተቆረጠ ሊሞቱ እንደሚችሉ ነግረዋቸዋል፤ ሁለቱም እምቢ ብለዋል። ጉዳያቸው ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ ግን የአንደኛዋ እምቢታ ሲከበር የሌላዋ ውድቅ ሆነ። ዛሬ በተኝቶ መታከሚያ ክፍል የሕሙምን የውሳኔ ብቃት የምንመዝንበት መንገድ በአብዛኛው የእነዚህን ሁለት ብይኖች ልዩነት የሚያስረዳ ነው።

የናሽቪሏ ሴት የ72 ዓመት አረጋዊት ነበሩ። እግሮቻቸው በብርድና በቃጠሎ ተጎድተው ሁለቱም ጠቁረዋል። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ሲጠየቁ አጥርተው ይመልሳሉ፤ ዳኞቹም አነጋግረዋቸው አእምሯቸው ንቁ መሆኑን መስክረዋል። ስለ እግራቸው ሲነሣ ግን ጥቁረቱ የጥላሸትና የእድፍ ነው፣ እግሬም ይድናል ይሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ አረጋዊቷ መሞትን መርጠው ቢሆን ኖሮ ምርጫው ለሌላው ሰው የቱንም ያህል የማይመስል ቢሆን ያከብር እንደነበር ገለጸ። እሳቸው ግን መሞትንም ሆነ እግር ማጣትን አልመረጡም፤ ምርጫ መኖሩን ራሱን አልተቀበሉም። ስለዚህ በዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ብቃት የላቸውም ተባለ። ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ በዚያው ዓመት አረፉ።

የማሳቹሴትሷ የ77 ዓመት መበለት የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። በ1974 የእግር ጣታቸው፣ በ1977 ደግሞ የእግራቸው ከፊል ተቆርጦ ነበር። በ1978 እንደገና እንዲቆረጥ ሲጠየቁ ፈቅደው ኋላ ፈቃዳቸውን አነሡ። ሐሳባቸው አንዳንዴ ይባዝናል፤ ጊዜን ያምታታሉ፤ ከአንዳንድ ሐኪሞች ጋርም ይጣላሉ። ይሁን እንጂ ካልተቆረጠ እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። ምክንያታቸውንም ዘርዝረዋል፦ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደስታ እንዳጡ፣ ለልጆቻቸው ሸክም መሆን እንደማይፈልጉ፣ ቀዶ ሕክምናው ያድነኛል ብለው እንደማያምኑ፣ ሞትንም እንደማይፈሩ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ብቃት የላቸውም ቢልም ይግባኝ ሰሚው ብይኑን ሻረው። ይግባኝ ሰሚው በተለይ አንድ ነገር አስተውሏል፦ ሴትዮዋ «እሺ» ባሉ ጊዜ ብቃታቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄው የተነሣው «እምቢ» ሲሉ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ በ1988 የአእምሮ ሐኪሙ ፖል አፔልባውምና የሥነ ልቡና ምሁሩ ቶማስ ግሪሶ በየፍርዱ የተበተኑትን መመዘኛዎች በአራት ችሎታዎች አጠቃለሉ፦ ምርጫን መግለጽ፣ የተነገረን መረዳት፣ የተረዱትን ለራስ ጉዳይ አድርጎ መቀበል፣ አማራጮችን ማመዛዘን። በዚህ ሚዛን ሲታይ የናሽቪሏ ሴት የጎደላቸው ሦስተኛው ችሎታ ብቻ ነው። የጎደለውም አጠቃላይ የአእምሮ ንቃታቸውን በሚመዝን ጥያቄ ሊገኝ አይችልም ነበር። ቀኑንና ቦታውን የመጠየቅ ልማድ የማሳቹሴትሷን ባለ ብቃት ሴት ሊጥል፣ የናሽቪሏን ደግሞ ሊያሳልፍ ይችላል ማለት ነው።

የበሽታ ስምም በራሱ መልስ እንደማይሆን ሦስተኛው እግር ያስረዳል። በ1993 በእንግሊዝ አገር በብሮድሙር የአእምሮ ሆስፒታል የነበሩ የ68 ዓመት የስኪዞፍሬንያ ሕሙም እግራቸው በጋንግሪን ተያዘ። ቀዶ ሐኪሙ ካልተቆረጠ የመዳን ዕድላቸው 15 በመቶ ብቻ ነው አለ። ሕሙሙ እኔ ራሴ ታላቅ ሐኪም ነበርሁ የሚል የሐሰት እምነት ነበራቸው። ሆኖም ስለ እግራቸው የተነገራቸውን ተረድተው ይዘዋል፣ በራሳቸው መንገድ አምነውበታል፣ አመዛዝነውም ቁርጥ ምርጫ አድርገዋል ሲሉ ዳኛ ቶርፕ ፈረዱላቸው። በጊዜው ቁስሉ ተጠርጎ በመድኃኒት ታክመው ከአደጋው ወጥተው ነበር።

የእነዚህ ጉዳዮች ትምህርት ወደ ሕሙም ካርድ ሲወርድ «ሕሙሙ ብቃት አላቸው» ወይም «የላቸውም» የሚል አንድ መስመር በቂ አይደለም። በቅድሚያ ምዘናው የትኛውን ውሳኔ እንደሚመለከት፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ አማራጮቹ ምን በምን ቋንቋ እንደተነገራቸው ይጻፋል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ችሎታ የቀረበው ጥያቄ፣ የሕሙሙ መልስ በራሳቸው ቃል፣ በመጨረሻም የመዛኙ ፍርድ በየተራ ይሰፍራል። የማሳቹሴትሷ ሴት ምስክርነት በዚህ መልክ ቢጻፍ የሚከተለውን ይመስላል።

ምርጫ፦ «ከተነጋገርንበት የትኛውን መረጡ?» መልሱ ያለ ማወላወል አይቆረጥ የሚል ነው። ቀድሞ ፈቅደው ስለነበር ግን በሌላ ሰዓት ዳግም መጠየቅና መልሱ መጽናቱን መመዝገብ ይገባል።

መረዳት፦ «የነገርኩዎትን በራስዎ አባባል ይንገሩኝ።» እግሩ ካልተቆረጠ ሞት እንደሚከተል ይናገራሉ። «ገብቶኛል» የሚል መልስ ብቻ ቢሰጡ ምዘናው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

መቀበል፦ «በእርስዎ በራስዎ እግር ላይ ምን እየደረሰ ይመስልዎታል?» ሕመሙን አይክዱም። ቀዶ ሕክምናው አያድነኝም ማለታቸው ግን መመርመር አለበት። ምክንያቱ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሕመሙ መመለሱ ከሆነ ከኑሯቸው የመነጨ ግምት ነው፤ እግሬ ጤነኛ ነው ከሚል ክህደትም ይለያል። የናሽቪሏ ሴት የወደቁት እዚህ ነው።

ማመዛዘን፦ «ይህን እንዴት መረጡ?» ምርጫቸውን ከባላቸው ሞት፣ ከልጆቻቸውና ከወደፊት ኑሯቸው ጋር ያያይዛሉ። ደስታ ማጣታቸው የሚታከም የድብርት ሕመም መሆን አለመሆኑ ግን በተጨማሪ መታየትና በካርዱ ላይ መስፈር ይኖርበታል። መዛኙ የሚመለከተው መደምደሚያው ከሕሙሟ እሴት መምጣቱን እንጂ እሱ ራሱ የሚስማማበት መሆኑን አይደለም።

የዚህ ምዘና ትልቁ ደካማ ጎን የሚለካው አንድን ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ጋንግሪን ያለበት ሕሙም ትኩሳት፣ የደም ስኳር መዛባት ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሐሳቡን ሊያደናግረው ይችላል፤ ማታ የተደናገረ ሰው ጠዋት ሊጠራ ይችላል። ስለሆነም ሊታረም የሚችለው ታርሞ፣ ሕሙሙ በደንብ በሚሰማበትና በሚናገረው ቋንቋ፣ ጊዜ ከፈቀደ ምዘናው ይደገማል፤ ቀኑና ሰዓቱም ይጻፋል። ጎዶሎ ሆኖ የተገኘው ችሎታ ተለይቶ ሲመዘገብ ቀጣዩ ሐኪም የት እንደሚጀምር ያውቃል፦ መረዳት ከጎደለ እንደገና ያስረዳል፤ መቀበል ከጎደለ የክህደቱን ምክንያት ይፈልጋል። «ብቃት የላቸውም» ብቻ ተብሎ በተጻፈ ካርድ ላይ ግን ለቀጣዩ ሐኪም የሚተርፈው የቀድሞው ሐኪም ፊርማ ብቻ ነው።