ነጋዴ ለሸማች ቅሬታ የሚሰጠው የጽሑፍ ምላሽ እና የገንዘብ ተመላሽ ውሳኔ

ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት አግኝቶ ቅሬታውን ለሻጩ ካቀረበ በኋላ፣ ሻጩ ምርመራ አድርጎ የደረሰበትን ውጤትና የወሰነውን ውሳኔ በጽሑፍ የሚያሳውቅበት ሰነድ የቅሬታ ምላሽ ደብዳቤ ይባላል። ውሳኔው ገንዘብ መመለስ በሆነ ጊዜ ደብዳቤው ሁለት አገልግሎት ይኖረዋል፤ አንደኛ ለጉድለቱ ምክንያት የሆነውን ነገር ይመዘግባል፣ ሁለተኛ ሻጩ የሚከፍለውን ገንዘብ ልክና ቀን ቆርጦ ያስቀምጣል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለበት ደብዳቤ በኋላ ክርክር ሲነሣ ለሸማቹ እምብዛም አይጠቅመውም።

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘው ሸማች ዕቃውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ሻጩን ሊጠይቅ ይችላል። በአገልግሎት ላይም ተመሳሳይ መብት አለ፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ በድጋሚ እንዲሰጥ ወይም ክፍያው እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ሻጩ የሰጠው ዋስትና ወይም የተደረገው ውል ለሸማቹ ከዚህ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥ ከሆነ ተፈጻሚነቱ እንደተጠበቀ ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ዋስትና የተሰጠበትን ዕቃ በተመለከተ 15ኛው ቀን ስላለፈ ብቻ ሸማቹ መብት የለውም ማለት አይቻልም፤ ጥያቄው ግን በዋስትናው ቃል ላይ የሚመሠረት ይሆናል።

በ15 ቀናት ገደብ ምክንያት ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ሸማቹ ቅሬታውን በስልክ ወይም በቃል ብቻ ሲያቀርብ ነው። የሻጩ ሠራተኛ «ነገ ባለሙያ እንልካለን» እያለ ቀኑን ሲገፋ ጊዜው ያልፋል፣ ጥያቄው በወቅቱ መቅረቡን የሚያስረዳ ማስረጃም አይኖርም። ቅሬታው በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንደኛው ቅጂ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ሊሰፍርበት ይገባል። የምላሽ ደብዳቤው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገርም ይህንኑ ቀን ጠቅሶ መጀመር አለበት።

ሁኔታውን ለማስረዳት የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንዲት ሸማች ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ድርጅት ማቀዝቀዣ ትገዛለች። ዋጋው 40,000 ብር ሲሆን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 6,000 ብር፣ ተጨምሮበት 46,000 ብር ትከፍላለች። ለማጓጓዣ 1,200 ብር፣ ለስታቢላይዘር ደግሞ 3,450 ብር በየራሳቸው ደረሰኝ ትከፍላለች። በሳምንቱ ማቀዝቀዣው ሞተሩ ሳያቋርጥ እየሠራ ማቀዝቀዝ ያቆማል። በስልክ ስትጠይቅ ያገኘችው መልስ «መብራት አቃጥሎት ይሆናል» የሚል ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ገንዘቧ እንዲመለስላት በጽሑፍ ትጠይቃለች፤ ይህም በዘጠነኛው ቀን መሆኑ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ዕቃን የሚያበላሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሻጩ ምክንያቱ ይህ ነው ካለ በምርመራ ማሳየት ይጠበቅበታል። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ጉዳት የሚያደርሰው በኮምፕረሰሩ የሽቦ ጥቅል፣ በማስነሻው ወይም በመቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ነው። የተቃጠለ የሽቦ ጥቅል በመለኪያ ይታወቃል፤ ሦስቱን የኮምፕረሰር ጫፎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲለኩ የሁለቱ አነስተኛ ንባቦች ድምር ከትልቁ ጋር ካልተቀራረበ ወይም አንዱ ጥንድ ጨርሶ ንባብ ካልሰጠ ጥቅሉ ተጎድቷል። የመብራት መዋዠቅ ግን የመዳብ ቱቦን ብየዳ አያሾልክም። ሞተሩ እየዞረ ቅዝቃዜ ከጠፋ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የጋዝ መቀነስ ነው። የሾለከ መገጣጠሚያ በዙሪያው ቀጭን የዘይት እድፍ ይታይበታል፣ ምክንያቱም ጋዙ ሲወጣ የኮምፕረሰሩን ዘይት በጥቂቱ ይዞ ይወጣል። ማረጋገጫው ቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ሞልቶ መገጣጠሚያውን በሳሙና ውኃ መቀባት ሲሆን ሹልክታ ያለበት ቦታ አረፋ ይሠራል። ቱቦው ላይ የመጫር ወይም የመጎበጥ ምልክት ካለ ጉዳቱ በማጓጓዝ ወይም በአያያዝ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከሌለ ጥፋቱ ወደ አምራቹ ብየዳ ያመለክታል።

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ድርጅቱ ምርመራውን አካሂዶ የሚጽፈው ደብዳቤ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል። የድርጅቱ ስም፣ አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በደብዳቤው ራስጌ ላይ ይሰፍራሉ።

ቁጥር፦ ………
ቀን፦ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ………

ጉዳዩ፦ ለማቀዝቀዣ ግዢ የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ እንዲሆን መወሰኑን ስለማሳወቅ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥር ……… ከድርጅታችን የገዙት ማቀዝቀዣ ማቀዝቀዝ ማቆሙን ገልጸው ገንዘብዎ እንዲመለስልዎ ጥቅምት 13 ቀን በጽሑፍ መጠየቅዎ ይታወቃል።

የድርጅታችን ቴክኒሻን ጥቅምት 18 ቀን እርስዎ ባሉበት በመኖሪያ ቤትዎ ባደረገው ምርመራ የኮምፕረሰሩ የሽቦ ጥቅልና ማስነሻው ደህና መሆናቸው ተረጋግጧል። በመለያ ሰሌዳው ላይ የተመለከተው የጋዝ መጠን 60 ግራም ሲሆን ከዕቃው ውስጥ የተገኘው 17 ግራም ብቻ ነው። ፊልተሩ ከቀጭኑ ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ብየዳ ላይ ሹልክታ ተገኝቷል። በአካባቢው የመጫር ወይም የመጎበጥ ምልክት አልታየም። በመሆኑም ጉድለቱ ከአመራረት የመጣ እንጂ በኤሌክትሪክ ኃይል ወይም በአጠቃቀም ምክንያት የደረሰ አለመሆኑን አረጋግጠናል። ቀደም ሲል በስልክ የተሰጠዎ መልስ ከምርመራ በፊት የተሰጠ በመሆኑ ትክክል አልነበረም።

በዚህ መሠረት የማቀዝቀዣው ዋጋ ታክሱን ጨምሮ ብር 46,000 እንዲሁም ለማጓጓዣ የከፈሉት ብር 1,200፣ በድምሩ ብር 47,200 (አርባ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር) እስከ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በባንክ ሒሳብዎ ገቢ እንዲሆን ተወስኗል። ማቀዝቀዣውን በራሳችን ወጪ ከቤትዎ እናነሣለን።

ስታቢላይዘሩ በትክክል የሚሠራ በመሆኑ ዋጋው እንዲመለስ ያቀረቡትን ጥያቄ አልተቀበልነውም። ለተበላሸ ምግብ የጠየቁት ብር 2,800 የወጪ ማስረጃ ስላልቀረበበት በአሁኑ ውሳኔ አልተካተተም፤ ማስረጃ ካቀረቡ የሚታይ ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር
(የኃላፊው ስም፣ የሥራ መደብ፣ ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም)
ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሊጤን የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ስለ ጉድለቱ ምንጭ የተጻፈው ቃል ነው። ብዙ ድርጅቶች ምርመራውን ሳይጠቅሱ «ለመልካም የደንበኛ ግንኙነት ሲባል ገንዘቡ እንዲመለስ ወስነናል» ብለው ይጽፋሉ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰና ሸማቹ ሌላ ጥያቄ ከሌለው ይህ አጻጻፍ የሚያመጣው ጉዳት የለም። ሸማቹ ግን በጉድለቱ ምክንያት ለደረሰበት ተጨማሪ ኪሳራ ካሣ ለመጠየቅ ካሰበ፣ ድርጅቱ ጉድለቱን ያመነበት ዐረፍተ ነገር በጣም ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ምርመራውን በራሱ ወጪ እንደገና ማስደረግ ሊኖርበት ነው። ዕቃው ወደ ሻጩ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ይህን ማድረግ አይቻልም። በመሆኑም ዕቃው ከመነሣቱ በፊት የምርመራ ሪፖርቱን ቅጂ መቀበልና የሾለከውን ቦታ ፎቶግራፍ ማንሣት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የገንዘቡ ልክ ነው። ሸማቹ የከፈለው ታክሱን ጨምሮ እስከሆነ ድረስ የሚመለስለትም ታክሱን ጨምሮ ነው። «ታክሱን ለመንግሥት ስላስገባን 40,000 ብር ብቻ እንመልሳለን» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም፤ ድርጅቱ ሽያጩ መሰረዙን የሚያሳይ፣ በተለምዶ ክሬዲት ኖት የሚባለውን ሰነድ አዘጋጅቶ በታክስ ሒሳቡ ያስተካክላል። ሸማቹ በዚህ ጊዜ ዋናውን ደረሰኝ እንዲመልስ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ ፎቶ ኮፒ አድርጎ መያዝ ይኖርበታል።

በምላሹ ላይ የጥገና ሐሳብ ሊቀርብም ይችላል፤ በምሳሌው ቢሆን ብየዳውን አስተካክሎ ጋዝ መሙላት ማለት ነው። ሸማቹ ከተስማማ ይህን የሚከለክል ነገር የለም። ሆኖም አዋጁ በ15 ቀናት ውስጥ ለሚቀርብ ጥያቄ ያስቀመጠው ዕቃውን መለወጥን ወይም ዋጋውን መመለስን በመሆኑ ሸማቹ ጥገናን እንዲቀበል አይገደድም። በገንዘቡ ምትክ ከዚያው መደብር ሌላ ዕቃ እንዲገዛበት የሚሰጥ ወረቀትም እንደ ገንዘብ ተመላሽ አይቆጠርም። በመደብሩ ግድግዳ ወይም በደረሰኙ ላይ የተጻፈ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ሻጩን ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣውም።

ከምላሽ ደብዳቤው ጋር ሸማቹ እንዲፈርምበት የሚቀርብ ወረቀት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። «ገንዘቤን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መፈረም የለበትም። ዕቃውን ለማስረከብ የሚፈረመው ወረቀት የዕቃውን ዓይነት፣ የመለያ ቁጥሩንና የርክክቡን ቀን ብቻ የሚገልጽ ቢሆን ይመረጣል። በምሳሌው ላይ የምግቡ ኪሳራ ገና ክፍት በመሆኑ፣ ሸማቿ የምትፈርመው የክፍያ መተማመኛ የ47,200 ብሩን መቀበል ብቻ የሚገልጽ መሆን አለበት።

በደብዳቤው የተቆረጠው ቀን አልፎ ገንዘቡ ካልተከፈለ፣ ወይም ድርጅቱ ለቅሬታው ምላሽ ሳይሰጥ ከቀረ፣ ሸማቹ ጉዳዩን በአካባቢው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ቢሮ፣ እንዲሁም ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሸማቾች ጥበቃ የሥራ ክፍል ማቅረብ ይችላል። ከአቤቱታው ጋር የግዢ ደረሰኙ፣ ተቀባይ የፈረመበት የቅሬታ ቅጂ፣ የድርጅቱ ምላሽ ደብዳቤና የምርመራ ሪፖርቱ ካለ ይያያዛሉ። ድርጅቱ በማኅተሙ አረጋግጦ የክፍያ ቀን የቆረጠበት ደብዳቤ በሚያዝበት ጊዜ፣ የሚጣራው ጉዳይ ዕቃው ጉድለት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ሳይሆን ገንዘቡ በተባለው ቀን ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለው ይሆናል።