ደም ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

ወዳጆቼ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዳንዶቹ በውስጥ መስመር ደጋግመው የሚልኩልኝ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ፎርዋርዱ ጥርት ብሎ ከወጣ ሪቨርሱን መሥራት ጊዜ ማባከን አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የላብራቶሪ ሰው ያልሆናችሁም አትሽሹ፤ ታሪኩ የስኳር፣ የባክቴሪያና የአንድ ጠርሙስ ታሪክ ነው።

ከቪየና እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1901 ካርል ላንድስታይነር ራሱንና ባልደረቦቹን ጨምሮ የ22 ሰዎችን ደም ወሰደ። ቀይ ሴሉን ለብቻ፣ ሴረሙን ለብቻ ለየና የአንዱን ሴረም ከሌላው ሴል ጋር እያቀላቀለ አየ። አንዳንዱ ጓጎለ፣ አንዳንዱ ዝም አለ። ውጤቱን በሠንጠረዥ ሲደረድረው ሰዎቹ በሦስት ቡድን ተከፈሉ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ አላቸው። ሲ ያለው ዛሬ ኦ የምንለው ነው። አራተኛውን፣ ኤቢን፣ ደካስቴሎና ስቱርሊ በዓመቱ አገኙት።

ልብ በሉ፣ ላንድስታይነር ጠረጴዛ ላይ «አንቲ-ኤ» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ አልነበረም። በሰው ሴረም የሰው ሴል ፈተነ፣ በሰው ሴል ደግሞ የሰው ሴረም ፈተነ። ዛሬ ፎርዋርድና ሪቨርስ ብለን የምንከፍላቸው ሁለቱ ምርመራዎች በዚያ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ነበሩ። ያገኘው ሕግም ሁለቱን የሚያስር ነው፦ ሴሉ ላይ የሌለውን አንቲጅን የሚቃወም አንቲቦዲ ሴረሙ ውስጥ ይገኛል። ኤ የሆነ ሰው አንቲ-ቢ አለው። ቢ የሆነ አንቲ-ኤ አለው። ኦ ሁለቱም አለው፣ ኤቢ አንዱም የለውም።

ስለዚህ ፎርዋርድ ማለት በታወቀ አንቲቦዲ ያልታወቀውን ሴል መጠየቅ ነው። ሪቨርስ ማለት በታወቀ ኤ1 እና ቢ ሴል ያልታወቀውን ሴረም መጠየቅ ነው። ሁለት ምስክሮች ናቸው። አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ የሚመሰክር ነውና ሲስማሙ እናምናቸዋለን፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ የደሙን ዓይነት አንጽፍም።

አርኤች ላይ ግን ይህ ዕድል የለንም። አንቲ-ኤና አንቲ-ቢ በሕፃንነታችን ያለ ደም ንክኪ የሚፈጠሩ ናቸው፤ አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ስኳር ስለሚሸከሙ ሰውነታችን ከእነሱ ይማራል። አንቲ-ዲ ግን እንዲህ አይፈጠርም። አርኤች ነጌቲቭ የሆነ ሰው አንቲ-ዲ የሚያበጀው በደም ወይም በእርግዝና ምክንያት ፖዘቲቭ ሴል ካገኘው ነው። ስለዚህ ለአርኤች ሪቨርስ የሚባል ነገር የለም። በእሱ ፋንታ የምንይዘው ኮንትሮል ነው፤ አንቲ-ዲ የሌለበት ሌላው ይዘቱ ግን ከአንቲ-ዲው ጋር የሚመሳሰል ፈሳሽ። ኮንትሮሉ ከጓጎለ ሴሎቹ በራሳቸው እየተጣበቁ ነው፣ የአንቲ-ዲውም ውጤት አይታመንም። ይቺን ነገር ያዟት፣ ወደ ታች ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ። ለንደን ውስጥ ሞርጋንና ዋትኪንስ የደም ዓይነት አንቲጅኖችን ኬሚስትሪ ለዓመታት ሲመረምሩ ኤና ቢን የሚለየው ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ስኳር መሆኗ ታወቀ። ኤ ላይ ያለችው ኤን-አሴቲል-ጋላክቶሳሚን ናት፣ ቢ ላይ ያለችው ጋላክቶስ። ልዩነታቸው ከስኳሯ አንድ ጥግ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ቅጥያ ነው። ሰው ከሰው ደም እንዳይቀበል የሚያደርገው ያቺ ቅጥያ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1959 ካሜሮንና ባልደረቦቹ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አንድ እንግዳ ነገር አሳተሙ። ኤ የሆኑ በሽተኞች ናቸው፣ ግን ሴላቸው ከአንቲ-ቢ ጋር መጓጎል ጀምሯል። ሴረማቸው ውስጥ ደግሞ አንቲ-ቢ እንዳለ አለ። ቢ የሚመስል ነገር በሕመም ጊዜ የመጣ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አልነበረም። «አኳየርድ ቢ» ተባለ፤ የተገኘ ቢ እንበለው።

ምክንያቱ በ1970ዎቹ በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ ግልጽ ሆነ። አንጀት ሲታመም፣ በተለይ በትልቁ አንጀት ካንሰር፣ መዘጋት ወይም ኢንፌክሽን ጊዜ፣ የባክቴሪያ ኢንዛይም ወደ ደም ይገባል። ኢንዛይሙ ከኤ ስኳር ላይ አሴቲል የተባለውን ቅጥያ ይቆርጣል። የቀረችው ጋላክቶሳሚን ጋላክቶስን ትመስላለች። አንቲ-ቢውም ይሳሳትና ይይዛታል። ቢ የሆነ ሰው ይህ አይገጥመውም፣ ኦም አይገጥመውም፤ የሚቆረጥ የኤ ስኳር የላቸውማ።

በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ የማስተማሪያ ምሳሌ እንሥራ። የ68 ዓመት ሰው፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ፣ ሁለት ዩኒት ደም የተጠየቀለት። ሴሉ ታጥቦ ከ2 እስከ 5 በመቶ ሰስፔንሽን ተዘጋጀ። በቲዩብ ተሠራ፣ ሴንትሪፊዩጅ ተደረገ፣ ቀስ ተብሎ እየተነቀነቀ ተነበበ። ፎርዋርዱ፦ አንቲ-ኤ 4+፣ አንቲ-ቢ 2+፣ አንቲ-ዲ 4+። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ኤቢ ፖዘቲቭ» ብሎ ይጽፋል። ሪቨርሱ ግን፦ ኤ1 ሴል 0፣ ቢ ሴል 4+። ይህ የኤ ሰው ሴረም ነው። ሁለቱ ምስክሮች ተጣሉ።

መጀመሪያ የሚደረገው ከሁሉ ቀላሉ ነው። ስሙንና ቁጥሩን ማየት፣ አዲስ ናሙና መውሰድ፣ ሴሉን እንደገና አጥቦ መድገም። አብዛኛው አለመስማማት የሚመጣው ከቲዩብ መለዋወጥ፣ ጠብታ ከመርሳትና ከአጻጻፍ ነው። እዚህ ላይ ኮንትሮሏ ትመጣለች። ሦስቱም አንቲሴረም ፖዘቲቭ ስለሆኑ «ሴሉ ከሁሉም ጋር ይጣበቅ ይሆን?» ብለን መጠርጠር አለብን። ኤ ፖዘቲቭ በሆነ ሰው ላይ የአንቲ-ቢው 0 ራሱ ኮንትሮል ይሆንልናል፤ ኤቢ ፖዘቲቭ በሚመስል ሰው ላይ ግን አንድም 0 የለንም። ኮንትሮሉ ተሠራ፣ 0 ወጣ። ደህና፣ መጓጎሉ እውነተኛ ነው።

ቀጥሎ ደካማውን ምስክር መፈለግ ነው። ከአራቱ የኤቢኦ ንባቦች 2+ የሆነችው አንቲ-ቢዋ ብቻ ናት። የቢ ሴሉ ምላሽ 4+ ነው፣ ኤ1 ሴሉም ጭራሽ አልተነካም። ጥርጣሬው ሴሉ ላይ ባለው «ቢ» ላይ ያርፋል ማለት ነው። ከዚያ ቆንጆዋ ምርመራ ትመጣለች፦ የበሽተኛውን ሴረም ከራሱ ሴል ጋር ማቀላቀል። ሴሉ ላይ ያለው እውነተኛ ቢ ቢሆን፣ ያ 4+ የሆነ አንቲ-ቢ የራሱን ሴል ባጓጎለው ነበር። 0 ወጣ። የሰውየው አንቲ-ቢ የራሱን «ቢ» አያውቀውም። ገለልተኛ ያልነው ጠርሙስ ተታለለ፣ የገዛ ሰውነቱ ግን አልተታለለም።

ለማረጋገጥ አንቲ-ቢውን አሲድ ጨምሮ ፒኤቹን ወደ 6.0 ማውረድ ይቻላል። በዚያ ሁኔታ የተገኘ ቢ ምላሹን ያጣል፣ እውነተኛው ቢ ይቀጥላል። ከሌላ ክሎን የተሠራ አንቲ-ቢም መሞከር ነው። በመጨረሻም ስልክ አንስቶ ዋርዱን «ሕመሙ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። የአንጀት ካንሰር መሆኑ ሲሰማ ሥዕሉ ይሞላል። ሰውየው ኤ ፖዘቲቭ ነው፣ የሚሰጠውም የኤ ቀይ ሴል ነው። ይህ ሳይጣራ ደም ቢፈስበትና መጠበቅ ባይቻል የኦ ቀይ ሴል ይሰጠዋል፣ ፕላዝማ ካስፈለገም የኤቢ። ፎርዋርዱ ታምኖ የኤቢ ደም ቢሰጠው ግን የራሱ አንቲ-ቢ የመጣለትን ሴል ደም ሥሩ ውስጥ ያፈርሰዋል። ድንጋጤ፣ የኩላሊት መውደቅ፣ ሞት።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ከለርና ሚልስታይን ሞኖክሎናል አንቲቦዲ መሥራት ከቻሉ በኋላ ከሰው ሴረም ይዘጋጅ የነበረው አንቲሴረም ቀስ በቀስ በክሎን ተተካ። ጥሩ ነገር ነበር፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ጥንካሬውም ጨመረ። ግን ኢኤስ-4 የተባለው የአንቲ-ቢ ክሎን የተገኘ ቢን በጣም አጥብቆ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። ድሮ ብርቅ የነበረ ነገር በየላብራቶሪው ብቅ ማለት ጀመረ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጋራቲና ባልደረቦቹ የዘገቡት በሽተኛ በዚህ መንገድ ኤቢ ተብሎ የተመደበ ነበር፤ የኤቢ ደም ተሰጥቶት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ክሎኑ ያለበትን አንቲሴረም ፒኤች ዝቅ አድርጎ ማዘጋጀት እንደ መፍትሔ ተያዘ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ «ከሣጥኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብቡ፣ ክሎኑን እወቁ» የምላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ሪቨርስም ድክመት አለው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የራሱን አንቲቦዲ ገና አላበጀምና ሪቨርስ አይሠራለትም። በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም የመከላከል አቅሙ የወረደ በሽተኛ ደግሞ አንቲቦዲው ሊደክም ይችላል። አሁን ያ የ68 ዓመት ሰው አንቲ-ቢው ደክሞ ቢ ሴሉ 0 ቢነበብ አስቡት! ሁለቱ ምስክሮች «ኤቢ» ብለው ተስማሙ፣ ሁለቱም ተሳሳቱ። መጠርጠሪያ ሆና የምትቀረው ያቺ ደካማ 2+ ብቻ ናት። ትክክለኛ ኤቢ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም 3+ ወይም 4+ ይሰጣል። ደካማ ንባብ ስታዩ ሪቨርሱን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት አቆይታችሁ እንደገና አንብቡ። ካልወጣ 4 ዲግሪ ላይ ሞክሩ፤ ግን ከጎኑ የኦ ሴልና የራሱን ሴል አስቀምጡ፣ ምክንያቱም በቅዝቃዜ የሚሠሩ ሌሎች አንቲቦዲዎች ሁሉንም ሊያጓጉሉባችሁ ይችላሉ።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ መልሴ ይኸው ነው። ፎርዋርዱ ጥርት ብሎ ሲወጣ ሪቨርስ የሚጨምረው ነገር የሌለ ይመስላል፣ አብዛኛውን ቀንም እንዲያ ነው። ነገር ግን ፎርዋርድ የሚነግራችሁ ጠርሙሱ ሴሉ ላይ ምን እንዳየ ነው። የሚሰጠውን ደም የሚቀበለው ወይም የሚያፈርሰው የበሽተኛው ሴረም ነውና እሱንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ፕሌት ላይ ብቻ ሠርታችሁ የምትወጡ ካላችሁ ዛሬ ማታ ይህን አስቡበት። ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍ፤ «2+ ነው ወይስ 3+» ብላችሁ የምትከራከሩትን ፎቶም ላኩልኝ፣ የበሽተኛውን ስም ሸፍናችሁ።