ሬሾ ስፕሬድ
ሬሾ ስፕሬድ በአንድ ዋጋ ጥቂት የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት (ኦፕሽን) ገዝቶ፣ በሌላ ዋጋ በቁጥር የሚበልጥ ተመሳሳይ መብት የመሸጥ ስልት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በእጅ ያለ ምርት የሚገበያይበት በመሆኑ፣ ለኢትዮጵያ ቡና ላኪ ቅርቡ መድረክ የኒው ዮርክ የአረቢካ ገበያ ነው፤ አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ይይዛል።

ቡና በፓውንድ 3.00 ዶላር ሳለ፣ ነጋዴው አንድ የ3.20 የመግዛት መብት ገዝቶ ሁለት የ3.50 ይሸጣል እንበል። ከሁለቱ የሚያገኘው ክፍያ የአንዱን ወጪ ከሸፈነ ስልቱ ነጻ ይመስላል። ውሉ ሲያበቃ ዋጋው 3.50 ከሆነ ትርፉ 11,250 ዶላር ይደርሳል፤ በ3.80 ግን ይጠፋል። ከዚያ በላይ ሁለተኛው ሽያጭ መሸፈኛ ስለሌለው እያንዳንዱ ሳንቲም 375 ዶላር ያስከፍላል፤ በ4.30 ኪሳራው 18,750 ነው፣ ጣሪያም የለውም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ዋጋው ከ4 ዶላር ማለፉ ግምቱ የወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

አደጋው የሚሸሸገው የትርፍና ኪሳራ ሥዕል የመጨረሻውን ቀን ብቻ ስለሚያሳይ ነው። ገበያው በድንገት ሲናጥ የተሸጡት መብቶች ዋጋ ከተገዛው ፈጥኖ ይንራል፤ ዋጋው 3.80 ሳይደርስም ደላላው ተጨማሪ መያዣ ይጠይቃል። አንድ የ4.00 መብት መግዛት ኪሳራውን ይገድባል፤ ነገር ግን ወጪ ስላለው ነጻ የሚመስለውን ገጽታ ያስቀራል።