የሥራ ወሰን መስፋፋት

የሥራ ወሰን መስፋፋት፦ ደንበኛ ከስምምነቱ ውጭ የሆነ ሥራ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን ግን ባሉበት ሲቀሩ የሚፈጠር ችግር። በግራፊክ ዲዛይን ሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ትንሽ ነገር ናት» በምትል የቴሌግራም መልእክት ነው።

አንድ ዲዛይነር የካፌ ሎጎ በ30,000 ብር ሊሠራ ተዋዋለ እንበል። ውሉ «ደንበኛው እስኪወደው ድረስ» ካለ ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ሦስት ረቂቅና ሁለት ዙር ማሻሻያ ተብሎ በቁጥር ይጻፋል። አንድ ዙር የሚባለው የካፌው ባለቤቶች ሁሉ አስተያየት ተሰብስቦ በአንድ ጽሑፍ ሲደርስ ነው፤ አለዚያ ባል ያጸደቀውን ቀለም በማግስቱ ሚስት ታስለውጣለች። ክፍያው 12,000 ብር ሲፈራረሙ፣ 9,000 ረቂቅ ሲመረጥ፣ ቀሪው 9,000 ዋናው ፋይል ከመላኩ በፊት ይሆናል። ፋይሉ ቀድሞ ከሄደ የመጨረሻዋን ብር ማግኘት ልመና ይሆናል።

ደንበኛው የምግብ ዝርዝር ዲዛይን ቢጨምርስ? «በደስታ እሠራዋለሁ፤ በውላችን ስለሌለ ግን 8,000 ብርና 4 ቀን ይጨምራል። ይስማማሉ?» ተብሎ ይጻፍለታል፤ መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ ሥራው አይጀመርም። የራስ ስሕተት ግን ከዙር አይቆጠርም፦ ከካፌው ስም ፊደል የገደፈ ዲዛይነር በነጻ ያርማል።