የ e ኢንጥጥርነት

e = 1 + 1/1! + 1/2! + 1/3! + ⋯ ኢንጥጥር ቁጥር ነው፤ ማለትም በሁለት ድፍን ቁጥሮች ክፍልፋይ መልክ ሊጻፍ አይችልም። ይህን መጀመሪያ ያረጋገጠው ኦይለር ሲሆን፣ የሚከተለው አጭር ማረጋገጫ ግን የፉርዬ ነው።

e = p/q ነው እንበል፤ p እና q አዎንታዊ ድፍን ቁጥሮች ናቸው። ሁለቱንም ወገን በ q! ብናባዛ በግራ ያለው q!·e ድፍን ቁጥር ይሆናል። በቀኝ በኩልም እስከ 1/q! ድረስ ያሉት አባላት ድፍን ይሆናሉ። ስለዚህ የቀረው ጭራ፣

R = 1/(q+1) + 1/((q+1)(q+2)) + ⋯

የሁለት ድፍን ቁጥሮች ልዩነት በመሆኑ እሱም ድፍን መሆን አለበት። ነገር ግን የጭራው አባላት ሁሉ አዎንታዊ ስለሆኑ R ከ0 ይበልጣል። ከሁለተኛው አባል ጀምሮ በታህት ያሉትን ብዜቶች ሁሉ በ (q+1) ብንተካ ታህቱ ያንሳል፣ ድምሩም ያድጋል፦

R < 1/(q+1) + 1/(q+1)² + ⋯ = 1/q ≤ 1

በ0 እና በ1 መካከል ድፍን ቁጥር የለም፤ ስለዚህ መነሻው ግምት ሐሰት ነው።

ለምሳሌ q = 4 ቢሆን 24e = 65 + R ሲሆን፣ R ወደ 0.2388 ይጠጋል፤ ከ1/4 በታች ነው። የ e አኃዞች 2.718281828 ሲታዩ 1828 የሚደጋገም ይመስላል፤ ቀጣዮቹ 459 ናቸውና ድግግሞሹ እዚያው ይቋረጣል።