ያለ ደፍ ሻወርና የእጅ መደገፊያ ያለው መታጠቢያ ቤት

ተደራሽ መታጠቢያ ቤት በተሽከርካሪ ወንበር (ዊልቸር) የሚንቀሳቀስ ሰው ወይም ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ ያለ ሰው እርዳታ ገብቶ፣ ታጥቦና ተጸዳድቶ የሚወጣበት ክፍል ነው። ዋና መለያዎቹ ሁለት ናቸው፤ የሻወሩ ወለል ደፍ ሳይኖረው ከተቀረው ወለል ጋር መያያዙና በግድግዳው ላይ የሰው ክብደት የሚችል መደገፊያ ብረት መኖሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል፤ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ እንዲመች ጠይቋል። ሰው እናቱን ወይም አባቱን የሚጦርበት የግል ቤት ግን በአብዛኛው በባለቤቱና በግንበኛው ውሳኔ ላይ የተተወ ነው።

ወለሉ

እንደ ምሳሌ በባሕር ዳር ምድር ቤት ላይ ያለ 1.8 በ2.2 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። በሩ በአንዱ አጭር ግድግዳ ላይ ነው። የመጸዳጃው መቀመጫ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ጥግ ላይ፣ መሃሉ ከጎን ግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ከጎኑ የሚቀረው 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሻወሩ ይሆናል። ደፍ ስለሌለው ይኸው ቦታ ሻወር በማይወሰድበት ጊዜ ዊልቸሩን ከመጸዳጃው ጎን አስጠግቶ ለመሸጋገር ያገለግላል። ከመጸዳጃው ፊት እስከ በሩ የሚተርፈው 1.5 ሜትር ደግሞ ዊልቸር ለመዞር ከሚፈልገው ክብ ጋር እኩል ነው። በሩ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ንጹህ ክፍተት ሊኖረውና ወደ ውጭ ሊከፈት ይገባል፤ ወደ ውስጥ ከተከፈተ የወደቀ ሰው ገላ ራሱ በሩን ይዘጋዋል።

የውሃ መውረጃው በትይዩው ግድግዳ ሥር እንደ ቦይ ረዝሞ ቢሠራ ወለሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል። በመሃል ያለ ክብ መውረጃ አራቱንም ጎን ስለሚያጎነብስ የዊልቸሩ አንዱ ጎማ ከወለሉ ይነሳል። ከግድግዳው 1.5 ሜትር ድረስ 2 በመቶ ዝቅታ 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወደ በሩ በቀረው 70 ሳንቲ ሜትር ላይ 1 በመቶ 0.7 ይጨምራል። ሴራሚኩና ማስነጠፊያው ስሚንቶ 4 ሳንቲ ሜትር ከያዙ ኮንክሪቱ በመውረጃው ዘንድ ከኮሪደሩ ወለል 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። የመጸዳጃው ማረፊያ ብቻ በስሚንቶ ተስተካክሎ አግድም ይደረጋል።

ነባሩ ኮንክሪት ዝቅታው 5 ብቻ ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። ምድር ቤት ላይ ኮንክሪቱን መቆረጥ ይቻላል። ፎቅ ላይ ግን ብረቱን ስለሚያጋልጥ ከመቁረጥ ይልቅ ወለሉን 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ከበሩ ውጭ 36 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ትንሽ ዘንበላ መሥራት ይሻላል። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ይቀባል፤ መውረጃው ተደፍኖ ውሃው ለአንድ ቀን ሲቆይ መጠኑ ከቀነሰ ቅቡ ያፈስሳል። ነጠፋው ሲያልቅ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋል፤ የሚቆም ኩሬ ካለ በዚያ ቦታ ውሃ ልኩ ተስቷል።

በጣና ዳር ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ሌላ ችግር አለ። ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ የሐይቁና የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስለሚል ሴፕቲክ ታንኩ ሊሞላ ይችላል፤ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ ያለው ቀዳዳ ይህ የሻወር መውረጃ በመሆኑ ቆሻሻው መጀመሪያ የሚመለሰው በእሱ ነው። ስለዚህ የቱቦው ቁልቁለት የሚለካው በበጋ በሚታየው የታንክ ውሃ ሳይሆን በመስከረም በሚደርሰው ከፍታ ነው።

መደገፊያ ብረቱ

በመጸዳጃው ጎን ያለው ብረት ከወለሉ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አግድም ይታሰራል፤ ርዝመቱ ከ1 ሜትር በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከግድግዳው ያለው ክፍተት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ከሰፋ ሲንሸራተቱ ክንድ ገብቶ ሊሰበር ይችላል። የአሜሪካ መለኪያ ብረቱ 113 ኪሎ ግራም ያህል እንዲችል ይጠይቃል፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው። የፎጣ መስቀያ ይህን ስለማይችል፣ መልኩ ቢመሳሰልም መደገፊያ አይደለም።

አስቸጋሪው ግድግዳው ነው። የብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ በፕላስቲክ ፊሸር የታሰረ ብሎን የሚይዘው ከ3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ቅርፊት ነው። ምልክቱ የብረቱ እግር ሲነካ መዞሩና በዙሪያው ያለው የሴራሚክ መገጣጠሚያ መሰንጠቁ ነው። አዲስ ቤት ሲሠራ ብረቱ በሚታሰርበት ቦታ ያሉ የብሎኬት ቀዳዳዎች በኮንክሪት ይሞላሉ። በተሠራ ቤት ብሎኬቱን በዚያ ቦታ ፈልፍሎ ብሎኑን በኮንክሪት መቅበር ወይም ብሎኑን ወደ ማዶ አሳልፎ በላሜራ ማሰር ይቻላል። የጭቃ ግድግዳ ግን ሁለቱንም ስለማይችል መደገፊያው በወለሉ ኮንክሪት ላይ በተተከለ የብረት ምሰሶ ይያዛል።