የሞባይል ገንዘብ የክፍያ ጥያቄ፦ መልሱ ሲዘገይ ትዕዛዙ እንዴት ይቆያል

የክፍያ ጥያቄ የሚባለው ሻጩ ከራሱ ሲስተም ወደ ገዢው ስልክ የሚልከው፣ ገዢውም ፒኑን አስገብቶ የሚያጸድቀው የሞባይል ገንዘብ አከፋፈል ነው። ገዢው የነጋዴ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ራሱ አይጽፍም፤ ሁለቱም ተሞልተው ስልኩ ላይ ብቅ ይላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ጥያቄው በዩኤስኤስዲ ወይም በሲም ካርዱ በኩል ሲመጣ ገዢው ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የኔትወርክ ምልክት ግን የግድ ያስፈልገዋል።

ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ መልሶችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። በኬንያ ለኤም-ፔሳ በተዘረጋው ዳራጃ በተባለው ሥርዓት ሻጩ ጥያቄ ሲልክ ወዲያው `ResponseCode` 0 እና `CheckoutRequestID` የሚባል መለያ ይደርሰዋል። ይህ 0 «ጥያቄህን ተቀብያለሁ» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ በዚያ ሰዓት ገዢው ስልኩን ገና አላየውም ይሆናል። የክፍያው ውጤት የሚመጣው ቆይቶ፣ በሌላ መልእክት፣ `ResultCode` በሚል ስም ነው፦ 0 ከሆነ ተከፍሏል፣ 1032 ከሆነ ጥያቄው ተሰርዟል፣ 1037 ከሆነ ስልኩ አልተገኘም ወይም በጊዜው አልመለሰም። በመጀመሪያው 0 ዕቃ የሚያስረክብ ሲስተም ያልተከፈለበትን ዕቃ ይሰጣል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሁለተኛው መልእክት ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ደባርቅ ያለ አንድ ሆቴል የቀረችውን የመጨረሻ ክፍል በ1,800 ብር ያስይዛል እንበል። ገዢው ከዛሪማ በኩል የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እየወጣ ነው። ጥያቄው ደረሰው፣ ፒኑን አስገባ፣ «እሺ» አለ፤ መኪናው ወዲያው ከገደሉ ኋላ ዞረና ምልክቱ ጠፋ። ገንዘቡ ከሂሳቡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ የማረጋገጫ አጭር መልእክቱ አልደረሰውም። የሆቴሉ ሲስተም 60 ሰከንድ ጠብቆ «ክፍያው አልተሳካም» ብሎ ከጻፈና ገዢው ደባርቅ ሲደርስ አዲስ ጥያቄ ከላከለት፣ ሰውየው በቅንነት እንደገና ፒኑን አስገብቶ 3,600 ብር ይከፍላል። የመጀመሪያው ክፍያ የተሰረዘ ትዕዛዝ ላይ ስላረፈ ማንም አይፈልገውም።

ስለዚህ ዝምታ እንደ እምቢታ መቆጠር የለበትም። 1037 መልስ ነው፤ ያ ጥያቄ በዚያው ተዘግቷል። የሻጩ ሰዓት ስላለቀ ብቻ የተቋረጠ ጥበቃ ግን ስለ ገንዘቡ ምንም አይናገርም። ትዕዛዙ «በመጠባበቅ ላይ» በሚል ሁኔታ መቆየት፣ ሲስተሙም በያዘው መለያ አገልግሎት ሰጪውን ራሱ መጠየቅ አለበት። «ገና በሂደት ላይ ነው» የሚል ምላሽ ከመጣ ጥቂት ቆይቶ፣ ከዚያም እያራራቀ መልሶ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ መዘጋቱ ሳይረጋገጥ ሁለተኛ አይላክ። ገዢው ሁለቴ ቢነካውም እንኳ «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ያንኑ ክፍት ጥያቄ ያሳየው እንጂ አዲስ አይፍጠር።

ነጋዴው የሚያነሳው ተቃውሞ ተገቢ ነው፦ አንዲት ክፍል ለማይታወቅ ክፍያ ታስራ ስትቆይ ሌላ እንግዳ በሩ ላይ ቆሟል። መፍትሔው ሁለት ሰዓቶችን መለየት ነው። ገዢው ስክሪኑ ላይ የሚጠብቀው አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ «ክፍያዎን እያጣራን ነው፣ ድጋሚ አይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ይታየው። ክፍሏ የምትያዝበት ጊዜ ግን ለብቻው ይወሰናል፣ ርዝመቱም እንደ ሥራው ይለያያል፤ ለሆቴል ግማሽ ሰዓት ላይከብድ ይችላል፣ ሊነሳ ለተቃረበ አውቶቡስ ወንበር ግን ይበዛል። ያ ጊዜ ሲያልቅ ክፍሏ ትለቀቅ፤ የክፍያው መዝገብ ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ክፍት ይቆይ። ዕቃ መልቀቅና ክፍያን ውድቅ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸውና።

«ገዢው የደረሰውን መልእክት ያሳየን፣ እናምነዋለን» የሚሉም አሉ። ቴክስት ግን በቀላሉ ተመሳስሎ ይጻፋል፤ የቆየ መልእክትም እንደ አዲስ ሊቀርብ ይችላል። መልእክቱ የሚጠቅመው የግብይት ቁጥሩን ለማግኘት ነው፤ ያ ቁጥር በነጋዴው በራሱ ሂሳብ ላይ ተፈልጎ መጠኑም ሰዓቱም ሲገጥም ብቻ ትዕዛዙ ተከፍሏል ይባላል።

ዘግይቶ የመጣ ክፍያም ባለቤት ያስፈልገዋል። ሆቴሉ በየማታው የነጋዴ ሂሳቡን ዝርዝር ከትዕዛዞቹ ጋር ሲያመሳክር ከ1,800 ብሩ አንጻር የተለቀቀች ክፍል ካገኘ፣ ክፍሏ አሁንም ባዶ ከሆነች ትዕዛዙን ያድሳል፤ ተይዛ ከሆነ ገንዘቡን ወደ ከፈለበት ስልክ ቁጥር ይመልሳል፣ የመጀመሪያውን የግብይት ቁጥርም ከመመለሻው ጎን ይመዘግባል።